በሸኚ ማስታወሻው ላይ ስህተቶቹን ልጻፍ ወይስ ልተው?

«ጎንደር ውስጥ በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ቢሮ መረጃ አስገቢ ነኝ። ደምቢያ ላይ በስድስት ቀበሌ 180 አባወራና እማወራ ሊጠየቁ ታቅዶ 176 ቅጽ ተሞልቶ መጣ። ስካን ተደርጎ 178 ፋይል ደረሰኝ። እያየሁ ኤክሴል ላይ አስገባሁና ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሱፐርቫይዘሬ ‹ሸኚ ማስታወሻ ጽፈሽ አያይዢ› ሲሉኝ ‹ማጠቃለያው ተያይዞ ቀርቧል› ብዬ ላክሁ። ‹ይኼማ ምንም አይነግረኝም› ብለው መለሱልኝ። እንቅልፍ የሚነሱኝ ነገሮች አሉ። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ መሬቱን በጥማድ የጻፈ ይመስለኛል። ሰረዝ የተደረገበትን ሁሉ ዜሮ ብዬ አስገብቻለሁ። ባልደረባዬ 18 ቅጽ ስታመሳክር 9 ስህተት አገኘች፤ አረምኳቸው። ይህን ሁሉ ብጽፍ ሥራዬ የተበላሸ አይመስልም? ባልጽፍስ? ሠንጠረዡን፣ የማመሳከሪያ ዝርዝሩንና ስም የተሸፈነባቸው ጥቂት ቅጾችን ልኬልዎታለሁ።»
ነ. ከአዘዞ

እህቴ፣ ጻፊው። ግን ሁሉንም ባንዴ አትዘርግፊው።

ሱፐርቫይዘርሽ ይህን ሠንጠረዥ ይዘው ስብሰባ ይገባሉ። እዚያ አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ «ይቺ ቀበሌ ምን ብታገኝ ነው መሬቷ ከሌሎቹ አራት እጥፍ የሆነው?» ቢላቸው መልስ ሊኖራቸው ይገባል። መልሱን ደግሞ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ቅጾቹን አንድ በአንድ ያየሽው አንቺ ነሽ። ሸኚ ማስታወሻው ከሠንጠረዡ ላይ የማይታየውን ነገር ለእሳቸው የሚነግር ወረቀት ነው። «ተያይዞ ቀርቧል» የሚለው የመዝገብ ቤት ቋንቋ ነው። ለፋይል ይበቃል፤ ለሚወስን ሰው አይበቃም።

ከመጻፍሽ በፊት ግን ችግሮቹን ለሁለት ክፈያቸው። ወንበርሽ ላይ ሆነሽ የምታስተካክያቸው አሉ፤ እነሱን አስተካክለሽ በአንድ መስመር ብቻ ጥቀሻቸው። የእሳቸውን ውሳኔ የሚጠብቁም አሉ፤ እነዚህ ማስታወሻው አናት ላይ ይቀመጣሉ።

ከቁጥሩ እንጀምር። 180 ታቅዶ 176 መጣ፤ 178 ፋይል ተገኘ። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሁለቱ ከየት መጡ?» ብሎ ነው። ዝርዝርሽን ሳየው ሁለት የቅጽ ቁጥሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ስካን የሚያደርገው ሰው ሁለት ቅጾችን ደግሞ አሳልፏቸዋል ማለት ነው። ይኼ ቀላል ነው፤ ትርፎቹን አውጥተሽ 176 ላይ ትደርሻለሽ።

አንድ ሌላ ነገር ግን ያለፈሽ ይመስለኛል። ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ ሁለት ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ። 178 ፋይል በአራት ሲባዛ 712 ገጽ ይሆናል። አንቺ የላክሽልኝ የገጽ ድምር ግን 710 ነው። ሁለት ገጽ ጎድሏል። ሁለት ገጽ አንድ ወረቀት ስለሆነ ስካነሩ ሁለት ወረቀት አጣብቆ ስቧል ማለት ነው። ወረቀቱ ሲረጥብ ወይም የስቴፕለር ሽቦ ተነቅሎ ጥጉ ሲታጠፍ ይህ ያጋጥማል። ሁለት ገጽ ብቻ ያለውን ፋይል ፈልጊው። ሠንጠረዡ ላይም የሁለት ገጽ መልስ ባዶ የሆነበት አንድ ረድፍ ታገኛለሽ፤ የእሱ ነው። ዋናው ወረቀት ቢሮ ካለ ዛሬውኑ እንደገና ስካን አድርጊው። ያኔ ነገሩ ከማስታወሻው ይወጣል። ለወደፊቱም ማስገባት ከመጀመርሽ በፊት የገጹን ድምር ለአራት አካፍዪው። እኩል ካልተካፈለ አንድ ቦታ ወረቀት ጠፍቷል።

አሁን ወደ ጥማዱ። ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ቅጹ የሚጠይቀው በሄክታር ነው። በአምስቱ ቀበሌዎች የተጻፈው 0.75፣ 1.25፣ 0.5 የመሳሰለ ነው። በአንዷ ቀበሌ ግን መረጃ ሰብሳቢ 04 በሞላቸው 29 ቅጾች ላይ 3፣ 5፣ 6፣ 8 ይላል። ነጥብ ያለው ቁጥር የለም ማለት ይቻላል። ከ29ኙ በ11ዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን በእጅ ጽሑፍ «ጥማድ» የሚል አለ። በ18ቱ ላይ የለም።

ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይታሰባል። አንዱን ቅጽ ይዘሽ ፈትሺው። ገበሬው ጤፍ የዘሩበት መሬት 6 ተብሏል፤ ያገኙት ምርት 24 ኩንታል። 6 ሄክታር ከሆነ በሄክታር 4 ኩንታል ይወጣል። ጎረቤት ቀበሌዎች ላይ በዚያው ሠንጠረዥሽ ከ13 እስከ 18 ነው ያለው። 6 ጥማድ ብለን 1.5 ሄክታር ካደረግነው ግን 16 ኩንታል ይሆናል። ልኩ ገባ። ስለዚህ ጥርጣሬሽ ትክክል ይመስለኛል።

ይህ ማለት ግን ዝም ብለሽ በአራት አካፍዪና እለፊ ማለት አይደለም። 11ዱ ላይ ማስረጃ አለሽ፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። 18ቱ ላይ ያለሽ ግምት ነው። ግምቱ ጥሩ ቢሆንም ግምት ነው፤ ከመሃላቸው አንድ ሁለቱ በእርግጥ በሄክታር ተጽፈው ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ በሬ በቀን የሚያርሰው ከቀላሉ አፈር ያንሳል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ በራሱ ዓምድ ተዪው፤ አትንኪው። ከጎኑ «በሄክታር» የሚል ሌላ ዓምድ ክፈቺ። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ «መለኪያ» ብለሽ «ሄክታር ተብሎ የተጻፈ»፣ «ጥማድ ተብሎ የተጻፈ»፣ «ጥማድ ተብሎ የተገመተ» እያልሽ ሙዪ። ሱፐርቫይዘርሽ መረጃ ሰብሳቢውን በስልክ ጠይቀው «አዎ፣ ሁሉንም በጥማድ ነው የጻፍኩት» ካላቸው ሦስተኛው ዓምድ በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። አንቺ ግን ዋናውን ቁጥር ካጠፋሽው ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ሰረዙ ላይ እጅሽን ያዝ አድርጊ። ዜሮ ማድረግሽን አልደግፍም።

የላክሽልኝን ቅጾች ስመለከት የሽምብራው ጥያቄ ሁለት ነው። መጀመሪያ «ዘንድሮ ሽምብራ ዘርተዋል?» ይላል፤ ከሥሩ «ስንት ኩንታል አገኙ?» ይላል። አንዱ ቅጽ ላይ «አልዘራሁም» ተብሎ ከሥሩ ሰረዝ ነው። ይኼ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው አይመለከታቸውም። ሌላው ላይ ግን «አዎ» ተብሎ ከሥሩ ሰረዝ ነው። ቀኑን ስታዪው 12/04/2017 ይላል። ታኅሣሥ 12 ማለት ነው። ሽምብራ ደምቢያ ላይ ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ በያዘው እርጥበት የሚዘራ ነው። በታኅሣሥ ብዙው ገና ማሳ ላይ ነው። ገበሬው ዘርተዋል፤ አላጨዱም። አንቺ ዜሮ ስትዪው «ዘርተው ምንም አላገኙም» ብለሽ መዝግበሻል። ይህ ቁጥር ወደ ዞን ቢሄድ አዝመራው ከሰረ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሦስተኛም አለ፤ ሁለቱም ጥያቄዎች ባዶ የሆኑበት። እሱ ያልተጠየቀ ነው።

በአማካዩ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት በትንሽ ቁጥር እንየው። አሥር ሰዎች አሉ እንበል። አራቱ አጭደው በድምሩ 24 ኩንታል አገኙ፤ ስድስቱ ገና አላጨዱም። ያጨዱት አማካይ 6 ኩንታል ነው። ስድስቱን ዜሮ ካደረግሻቸው 2.4 ይሆናል። ኤክሴል `AVERAGE` ሲሰላ ባዶውን ሳጥን ይዘለዋል፤ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሳጥኑን ባዶ ተዪውና ከጎኑ ምክንያቱን ጻፊ፦ «አልዘሩም»፣ «አላጨዱም ይሆናል»፣ «አልተጠየቁም»። አንዳንድ ሰው ባዶ እንዳይሆን 99 ያስገባል። አንቺ አታድርጊው፤ አንድ ቀን አንድ ሰው 99 ኩንታል ብሎ ይደምረዋል።

ቀኑን ካነሳሁ አይቀር፣ የቀኑን ዓምድ ተመልከቺው። ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተጠግቷል። ኮምፒውተርሽ ወሩን የሚያስቀድም ስለሆነ 12/04/2017ን የፈረንጅ ዲሴምበር 4 ብሎ ወስዶታል። 22/04/2017ን ደግሞ 22ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶታል። ዓምዱን በሙሉ ወደ `Text` ቀይሪና ከቅጹ ላይ መልሰሽ አስገቢ፤ ከላይ «ዓ.ም.» በይ። ይህ በአንድ መስመር የሚያልፍ ነው።

አሁን ወደ 9ኙ ስህተት እንምጣ። ያስፈራሽ ይኼ ነው መሰለኝ።

ባልደረባሽ ያመሳከረቻቸው 3ኛ፣ 13ኛ፣ 23ኛ እያሉ በየአሥሩ የተወሰዱ ናቸው። ጎበዝ ነች። ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ ያላቸውን መርጣ ቢሆን ውጤቱ ለምንም አይጠቅምም ነበር። ቅጹ 40 የሚሞላ ቦታ አለው። 18 ቅጽ ሲሆን 720 ቦታ። ከዚያ ውስጥ 9 ስህተት፣ ከመቶ አንድ ትንሽ አለፍ ይላል። በእጅ ከተሞላ ቅጽ ለተወሰደ መረጃ የሚያሳፍር አይደለም።

ነገር ግን «አረምኳቸው» ያልሽው ላይ ቆም በይ። ያረምሽው በ18ቱ ቅጾች ያሉትን ነው። ያልታዩት 158 ቅጾች 6,320 ቦታ አላቸው። ስህተቱ በዚያው ልክ ከሄደ ሌላ 79 የሚሆን ስህተት እዚያ ተኝቷል። ማስታወሻው ላይ «9 ስህተት ተገኝቶ ታርሟል» ብለሽ ብትጽፊ ሱፐርቫይዘርሽ ሥራው ጠርቷል ብለው ያምናሉ። ሳታስቢው አሳሳትሻቸው ማለት ነው። መጻፍ ያለበት «ከ720 ቦታ 9 ተገኘ፤ ቀሪዎቹ ገና አልተመሳከሩም» ተብሎ ነው።

ዝርዝሩን ደግሞ ቀረብ ብለሽ እዪው። ከ9ኙ 6ቱ የ1 እና የ7 መምታታት ናቸው። ከላክሽልኝ ቅጾች አንዱ ላይ 7ቱ አናቱ ላይ ያለችው አግድም መስመር በጣም አጭር ናት፤ ስካኑ ሲደበዝዝ ጭራሽ ትጠፋለች። 17 ኩንታል 11 ሆኗል። ስለዚህ 6,320ውን በሙሉ መመለስ አይጠበቅብሽም። በመሬትና በኩንታል ዓምዶች ውስጥ 1 ወይም 7 ያለባቸውን ብቻ አጣሪና ከስካኑ ጋር አስተያዪ። ስካኑን አጉልተሽ፣ የዚያኑ ሰው ሌላ 7 እዚያው ገጽ ላይ ፈልገሽ አወዳድሪ። ስልክ ቁጥሩ ወይም የቀበሌ ቁጥሩ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አይጠፋም። ይህን ከጨረስሽ በኋላ ባልደረባሽ ሌላ 18 ትይልሽ፤ በዚህ ጊዜ ከ5ኛው ጀምራ በየአሥሩ ትውሰድ። አዲሱን ቁጥር ነው የምትጽፊው።

ይህን ሁሉ ከሠራሽ በኋላ ማስታወሻው አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። በቅንፍ የተዉኩትን አንቺ ሙዪው።

ለ፦ የመስክ ጥናት ሱፐርቫይዘር
ጉዳዩ፦ የደምቢያ መጠይቅ ማጠቃለያ

ጤና ይስጥልኝ። የ176 ቅጾች ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ተያይዟል። ለስብሰባ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር እንዲወስኑልኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በመረጃ ሰብሳቢ 04 የተሞሉ 29 ቅጾች ላይ መሬቱ በጥማድ የተጻፈ ይመስላል። በ11ዱ ላይ «ጥማድ» ተብሎ ተጽፏል፤ በ18ቱ ላይ መለኪያው አልተጻፈም። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ብዬ ቀይሬያለሁ፤ የተጻፈው ቁጥርም በራሱ ዓምድ አለ። ሳይቀየር ቢቀር የዚህች ቀበሌ መሬት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሄክታር የሚገኘው ምርትም ወደ ሩብ ይወርዳል። መረጃ ሰብሳቢውን ጠይቀው እንዲያረጋግጡልኝ፤ እስከዚያ የዚህችን ቀበሌ የመሬትና የምርታማነት ቁጥር ባይጠቀሙ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሽምብራ ዘርተናል ብለው የምርት መጠኑ ላይ ሰረዝ የተደረገባቸው (ብዛት) ቅጾች አሉ። ጥያቄው የተሞላው በታኅሣሥ ስለሆነ ገና አላጨዱም ብዬ ገምቻለሁ። ከአማካዩ አውጥቻቸዋለሁ። የሽምብራው አማካይ ያጨዱትን ብቻ ይመለከታል። ዳግም ይጠየቁ ወይስ እንዲሁ ይቅሩ?

የቅጾቹ ቁጥር፦ የታቀደ 180፣ ተሞልቶ የመጣ 176። አራቱ ያልተሞሉት (ምክንያቱ) ነው። 178 የስካን ፋይል ነበር፤ ሁለቱ ድጋሚ ስካን የተደረጉ ስለሆኑ ወጥተዋል። ስካን ሲደረግ የቀረ አንድ ወረቀት ከዋናው ተመልሶ ገብቷል።

ማመሳከር፦ በመጀመሪያው ዙር በየአሥሩ በተወሰዱ 18 ቅጾች ከ720 ቦታ 9 ስህተት ተገኝቷል፤ 6ቱ 1 እና 7 የተምታቱበት ነበር። በመሬትና በምርት ዓምዶች 1 እና 7 ያለባቸው በሙሉ ከስካኑ ጋር ተመሳክረዋል። በሁለተኛው ዙር በሌሎች 18 ቅጾች (ውጤቱ) ተገኝቷል። በቀሩት ቅጾች ሌሎቹ ዓምዶች ገና አልተመሳከሩም።

ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። በግምት የተነበበ ወይም የተቀየረ ረድፍ ሁሉ «ማስታወሻ» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ ላይ ምክንያቱ ተጽፎበታል።

ከሰላምታ ጋር

ይኸው ነው። እሳቸው አንደኛውንና ሁለተኛውን አንብበው ስልክ ያነሳሉ፤ የቀረውን ሲፈልጉ ያዩታል። ሁለቱ ጥያቄዎች ወደ ታች ቢወርዱ ግን ላይደረስባቸው ይችላል። የተጣደፈ ኃላፊ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ሠንጠረዡን ይከፍታል።

መረጃ ሰብሳቢውን በስም አለመጥቀሴን ልብ በይ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከሱፐርቫይዘርሽ እጅ ወጥቶ ወረዳም ዞንም ይዞራል። ልጁ ገበሬው በነገሩት መለኪያ ጽፏል፤ ምናልባት ሥልጠናው ላይ ስለ ሄክታር በደንብ አልተነገረውም። ኮዱ ይበቃል፤ ስሙን ሱፐርቫይዘርሽ ያውቁታል። የገበሬዎቹንም ስምና ስልክ ማጠቃለያው ውስጥ አታስገቢ። የቅጽ ቁጥር ብቻ ይኑር፤ ስም ያለበት ስካን በተለየ ፎልደር ይቀመጥ።

«ሥራዬ የተበላሸ አይመስልም?» ላልሽው፣ እኔ ሱፐርቫይዘርሽን ብሆን የምጠራጠረው 176 በእጅ የተሞላ ቅጽ አስገብቶ «ምንም ችግር የለም» የሚለኝን ሰው ነው። በጥማድ የተጻፈ፣ ሰረዝ የተደረገ፣ የደበዘዘ 7 የሌለበት የመስክ ወረቀት አላየሁም።

ሰኞ ስብሰባ ካለ ማስታወሻውን ዓርብ ጠዋት ላኪው። መረጃ ሰብሳቢውን በስልክ ለማግኘት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ደምቢያ ገጠሩ ላይ ኔትወርክ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ቆላ ድባ ከተማ ከወጣ ግን ሊያገኙት ይችላሉ።